ፕሮፎርማ ወስዶ የጠፋው ደንበኛ

በአዲስ አበባ የአሉሚኒየም፣ የኪችን ካቢኔት ወይም የሶላር ሥራ የሚሠራ ቤት ገብታችሁ ቦክስ ፋይሉን ብትገልጡት፣ ተፈርሞ ከተሠራ ውል ይልቅ መልስ ያላገኘ ፕሮፎርማ በርከት ብሎ ታገኛላችሁ። ማኅተሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ዋጋው በዝርዝር ተቀምጧል። ደንበኛው ደውሎ «ዛሬውኑ ነው የምፈልገው፣ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ» ብሎ አስጨንቆ ያሠራው ነው። ልኬቱን ከፕላን ላይ ለማውጣት አንድ ሰው ግማሽ ቀን ሥራውን ጥሎ ተቀምጧል። ወረቀቱ ተላከ፣ ደንበኛው «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» አለ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። አራት ወር፣ አምስት ወር ሆነው።

ብዙ ባለሥራዎች እንዲህ ያለውን ደንበኛ ከሁለት በአንዱ መንገድ ያጡታል። አንዳንዱ «ቢፈልገን ይደውል ነበር» ብሎ ፋይሉን ይረሳዋል። ሌላው ሥራ ሲቀዘቅዝበት ስልኩን አንስቶ «እንዴት ሆነ የኛ ነገር?» ይላል፤ ደንበኛውም «እደውልልሃለሁ» ይለዋል፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። ሁለቱም አንድ ነገር ዘልለዋል። ያ ወረቀት ሲጠየቅ ለምን ጉዳይ ነበር? ይህ ካልታወቀ ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ አይታወቅም፤ ዝምታው ካልታወቀ ደግሞ ምን ብሎ መጻፍ እንደሚገባ ማወቅ አይቻልም።

እዚህ አገር ፕሮፎርማ የሚጠየቀው ለመግዛት ብቻ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ብዙ ድርጅቶች አነስ ያለ ግዢ ሲፈጽሙ ቢያንስ ከሦስት አቅራቢዎች ዋጋ ሰብስበው ማወዳደር አለባቸው። ስለዚህ አንድ የግዢ ሠራተኛ ሥራውን ለማን እንደሚሰጥ በልቡ ጨርሶ፣ የቀሩትን ሁለት ወረቀቶች ለማሟያ ሊሰበስብ ይችላል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ምልክት አለው። ዝርዝሩ ከሌላ አቅራቢ ወረቀት ላይ እንዳለ የተገለበጠ ይመስላል፤ የአንድ ድርጅት የሞዴል ቁጥር ሳይቀር ሰፍሮበት ይገኛል። ጠያቂው ስለ ቀለም፣ ስለ ማስረከቢያ ጊዜ፣ ስለ ቅድሚያ ክፍያ አንዲት ጥያቄ አያነሳም። አጥብቆ የሚጠይቀው ማኅተሙ በደንብ እንዲታይ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ፕሮፎርማ ተኝቶ የነቃ ደንበኛ አይወጣውም፤ ሥራውን ፈጽሞ ያለቀ ወረቀት ነው። በእኔ እምነት እሱን ማሳደድ ለሌላው የሚሆነውን ጊዜ መብላት ነው።

ለበጀት ዝግጅት የተጠየቀ ፕሮፎርማ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። በየካቲት ወይም በመጋቢት ዋጋ የጠየቀ መሥሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ቁጥር እየፈለገ ነው። በሚያዝያ ዝም ቢል አልጠፋም፣ በጀቱ ገና ስላልጸደቀ የሚለው ነገር የለውም። ለእሱ የሚደወለው በጀቱ ጸድቆ ለየክፍሉ ከተከፋፈለ በኋላ ሲሆን፣ ጥያቄውም «ሥራውን ትሰጡናላችሁ ወይ?» ሳይሆን «ያስያዛችሁት በጀት ጸደቀ ወይ?» ነው። ባንክ ለብድር ያስመጣው ፕሮፎርማም እንዲሁ ነው። ወረቀቱ ላይ «ለ» የሚለው ቦታ የባንክ ስም ከተጻፈበት፣ ደንበኛው ፋይሉ እስኪታይለት እየጠበቀ ነው። ቀኑ ያለፈበት ፕሮፎርማ ደግሞ ብድሩ ሲደርስ ችግር ይፈጥርበታል። «የፕሮፎርማው ጊዜ አልፏል፣ ባንኩ የታደሰ ከጠየቀዎ እናዘጋጃለን» ማለት ለእሱ እርዳታ ነው፤ ለመደወልም የተገባ ምክንያት ነው።

ሰፊ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ግን ለግለሰብ ቤት ሠሪው ነው። ገንዘቡ የራሱ ነው፣ ውሳኔውም የቤተሰቡ ነው፣ ዝምታውም ከሁሉ ይልቅ የሚመለስ ነው። አንድ ጉዳይ እንውሰድና እስከ መጨረሻው እንከተለው። ቁጥሮቹ ስሌቱ እንዲታይ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ የገበያውን ዋጋ እያንዳንዱ ሥራ ቤት ያውቀዋል።

በጥር ወር አንድ ሰው ወደ አንድ የአሉሚኒየም ሥራ ቤት መጣ። ለአንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት የመስኮትና የበረንዳ በር ዋጋ ፈለገ። ፕላኑን በስልኩ አሳየ፤ ከፕላኑ ላይ 40 ካሬ ወጣ። በካሬ 10,000 ብር ታስቦ 400,000 ብር፣ 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 460,000 ብር ሆነ። ዋጋው ለ15 ቀን ብቻ እንደሚጸና ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ሰውየው ሊወጣ ሲል «ቤቱ የወንድሜ ነው፣ አሜሪካ ነው ያለው፣ ልኬለት ልደውል» አለ። ዋጋውን የሠራችው ልጅ ይህችን በኮፒው ጀርባ በእስክሪብቶ ጻፈች፤ «ወንድሙ ዋሽንግተን፣ ግድግዳ ገና እየወጣ» ብላ። አሁን ግንቦት መጨረሻ ነው።

ከኮፒው ጀርባ ያለችው ያቺ መስመር ከፊት ለፊት ካለው ዋጋ ይልቅ ትጠቅማለች። ሁለት ነገር ትነግረናለች። አንደኛ፣ ወረቀቱን የወሰደው ሰው ወሳኙ አይደለም፤ መሐል ላይ ያለ ሰው ነው። ወንድሙ ካልመለሰለት እሱም ለእኛ የሚመልሰው የለውም። ሁለተኛ፣ በጥር ግድግዳ እየወጣ ከነበረ ያኔ አሉሚኒየም ለማሠራት ጊዜው አልነበረም። መስኮት የሚለካው ልስን ካለቀ በኋላ ነው፤ ሲለሰን ክፍተቱ በየጎኑ ስለሚጠብ ከልስን በፊት የተለካ መስኮት አይገባም። ስለዚህ የዚህ ደንበኛ ዝምታ እምቢታ ላይሆን ይችላል። ቤቱ ገና እዚያ አልደረሰም ይሆናል።

ስልክ ከማንሳት በፊት ሌላ ሥራ አለ፤ የድሮውን ዋጋ እንደገና ማስላት። ፕሮፋይሉም፣ መስታወቱም፣ ማጠፊያና መቆለፊያውም በብዛት ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ዋጋቸው ከምንዛሬው ጋር ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከለቀቀ በኋላ በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን ያየ ባለሥራ፣ የአምስት ወር ዋጋ ዋጋ እንዳልሆነ ማንም አይነግረውም። በእኛ ምሳሌ ከ10,000 ብር ውስጥ 7,000 ብሩ የዕቃ ነው እንበል፤ 2,000 ብር የእጅ፣ 1,000 ብር የቤትና የትርፍ። ዕቃው በ12 በመቶ ከጨመረ በካሬ 840 ብር ይመጣል። አዲሱ ዋጋ 10,840 ብር፣ በ40 ካሬ 433,600 ብር፣ ከነቫቱ 498,640 ብር ነው። ከድሮው የ38,640 ብር ልዩነት አለው። ይህን ቁጥር ሳይዙ ደንበኛ ማነጋገር አይገባም፤ ከመልእክቱ ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ነውና።

አሁን መልእክቱ። ብዙ ጊዜ የሚላከው እንዲህ ያለ ነው፤ «ሰላም እንደምን ሰነበቱ? የላክንልዎትን ፕሮፎርማ አይተውት ይሆን? ምላሽዎን በጉጉት እንጠብቃለን።» ቃሉ ጨዋ ነው፣ ሥራው ግን ከባድ ነው። ደንበኛው ለመመለስ ወይ «አዎ እንሥራ» ማለት አለበት፣ ወይ «ተውኩት» ማለት። አዎ ለማለት ገና አልደረሰም። «ተውኩት» ማለት ደግሞ በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። ሰው ለፍቶ የሠራለትን ወረቀት ወስዶ ሥራውን ለሌላ የሰጠ ደንበኛ ይሉኝታ ይዞታል፤ ስልኩን ሲያይ ያፍራል፣ ባያነሳው ይመርጣል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ጠፍቶ የከረመ ደንበኛ መልስ የሚሰጠው እምቢ ማለት ሲቀልለት ነው። እምቢ ማለት የተፈቀደለት ሰው «ገና ነው» ለማለትም ይደፍራል። ብዙውን ጊዜ እውነተኛው መልስ ደግሞ «ገና ነው» የሚለው ነው።

ስለዚህ እኔ ብጽፈው እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በጥር ወር ለወንድምዎ ቤት የአሉሚኒየም መስኮትና በር ፕሮፎርማ የሠራንልዎት ሥራ ቤት ነን። ያኔ ግድግዳው ገና እየወጣ ነበር። አሁን ልስኑ አልቋል ወይስ ይቀረዋል? ሲያልቅ መጥተን ክፍተቶቹን እንለካለን፤ ለልኬቱ ክፍያ የለውም። ሥራውን ለሌላ ሰጥታችሁት ከሆነም በአንድ ቃል ይንገሩን፣ ፋይሉን እንዘጋለን፤ ምንም ቅር አይለንም።»

ጥያቄው አንድ ነው፤ ስለ ልስን። ሰውየው ምንም ሳያፍር፣ ከማንም ጋር ሳይማከር፣ ታክሲ ውስጥ ቆሞ ሊመልሰው ይችላል። መልሱ ደግሞ ለሥራ ቤቱ ማወቅ ያለበትን ሁሉ ይሰጠዋል፤ ልስን ካለቀ መለካት ነው፣ ካላለቀ ቀን መያዝ ነው። ያለፈውን ጊዜ አይወቅስም፤ «እስካሁን አልመለሱልንም» የሚል ነገር የለበትም። ማን እንደሆነ፣ የትኛው ሥራ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል፤ ከአምስት ወር በኋላ ደንበኛው የጠየቃቸውን ሦስት ሥራ ቤቶች ለይቶ አያስታውስም። ዋጋ ሆን ብሎ አልተጻፈም። ቁጥር ከወሬው ቀድሞ ከደረሰ ወሬው አይጀመርም።

በጽሑፍ መጀመር ከስልክ ይሻላል የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ድንገት የተደወለለት ሰው እጁ ላይ መልስ የለውም፤ «እደውልልሃለሁ» ብሎ ይገላገላል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ያልደወለበት ጭምር ያሳፍረዋል። ጽሑፍ ግን አስቦ፣ ሲመቸው፣ እውነቱን ለመናገር ጊዜ ይሰጠዋል። አጭር መልእክትም ቴሌግራምም ይሆናል፤ ፕሮፎርማው የተላከበትን መንገድ መጠቀም ይመረጣል፣ ወረቀቱ እዚያው ከላይ ስለሚገኝ። ጽሑፍ የማያነቡ አዛውንት ከሆኑ ግን ይደወላል፤ ያኔም ቢሆን ጥያቄው ያው የልስኑ ጥያቄ ነው። የሚደውለው ደግሞ በጥር ያነጋገራቸው ሰው ይሁን። አዲስ ድምፅ «ከእንትን ድርጅት ነው» ሲል ደንበኛው ገንዘብ ሊጠየቅ የመጣ ይመስለዋል።

ጊዜውም ይታሰብበት። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ለግለሰብ መጻፍ ጥሩ አይደለም፤ ገንዘቡም ሐሳቡም ወደ በዓሉ ነው። ለሁሉም ደንበኛ በአንድ ጊዜ የሚላከው የመልካም በዓል መልእክትም የጠፋ ደንበኛ ሲመልስ አላየሁም፤ ከስንት ድርጅት የደረሰው ነው፣ ሳይከፍተው ያልፈዋል።

የምሳሌያችን ሰው በሁለተኛው ቀን መለሰ፤ «ይቅርታ፣ ወንድሜ ገንዘቡን አዘግይቶብኝ ነው። የውስጡ ልስን አልቋል፣ የውጩ በዚህ ሳምንት ያልቃል። ዋጋው ያው ነው?»

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ባለሥራው ደንበኛው እንዳያመልጠው ፈርቶ «እንስማማለን፣ ችግር የለም» ይላል፤ ወይም ከነጭራሹ ከድሮው ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ከወራት በኋላ ሳይጠየቅ የተቀነሰ ዋጋ ለደንበኛው የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው የተጋነነ እንደነበር። «እንስማማለን» የተባለው ደግሞ ከልኬት በኋላ 498,640 ሆኖ ሲመጣ እንደ መታለል ይቆጠራል። እውነቱ ከልኬት በፊት፣ በስልክ፣ በሰው አንደበት መነገር አለበት፤ «ጋሼ፣ ያው አይደለም። የእጃችንንም የትርፋችንንም ዋጋ አልነካነውም። ዕቃው ነው የጨመረው፤ በካሬ 840 ብር መጥቷል። ግን የጥሩ ካሬ ከፕላን ላይ የወጣ ነው፤ ክፍተቱን ለክተን ትክክለኛውን እንንገርዎት።»

የልኬቱ ነገር ባዶ ማባበያ አይደለም። ፕላን ላይ 150 በ120 ሴንቲ ሜትር የተጻፈ መስኮት 1.80 ካሬ ነው። ልስኑ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ቢወስድ 146 በ116 ይሆናል፤ ከ1.70 ካሬ ትንሽ ያነሰ ነው። በአንድ መስኮት ትንሽ ናት፣ በቤቱ ሁሉ ሲደመር ትታያለች። በርግጥ ግንበኛው ክፍተቱን ከፕላኑ አስፍቶት የሚገኝበት ቤትም አለ፤ ያኔ ካሬው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ለዚህ ነው ከመለካት በፊት ተስፋ መስጠት የማይገባው።

የእኛ ቤት ተለክቶ 38 ካሬ ወጣ። የለካው ባለሙያ ሌላም ነገር አየ። የደረጃው ረጅም መስኮትና ከላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ መስኮቶች፣ በድምሩ 6 ካሬ፣ በፕሮፎርማው ላይ የሚንሸራተቱ ተብለው ተይዘዋል። እነዚህን ማንም እጁን ሰድዶ አይከፍታቸውም፤ ከአጠገባቸው አየር የሚያስገባ ሌላ መስኮት አለ። ፊክስድ ቢሆኑ ተሽከርካሪውና መቆለፊያው ይቀራል፣ ፕሮፋይሉም ያንሳል፤ በካሬ 8,500 ብር ይሠራሉ እንበል። ስሌቱ እንዲህ ሆነ፤ 32 ካሬ በ10,840 ሲባዛ 346,880 ብር፣ 6 ካሬ በ8,500 ሲባዛ 51,000 ብር፣ ድምሩ 397,880 ብር። ቫቱ 59,682 ብር። ጠቅላላ 457,562 ብር። የካሬ ዋጋው ጨምሮ ሳለ ደንበኛው የሚከፍለው ከጥሩ 460,000 ብር በታች ገባ። ከትርፍ ላይ አንድ ሳንቲም አልተቆረጠም።

ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም፤ ዕቃው በ30 በመቶ ከጨመረ የትኛውም ፊክስድ መስኮት አይሸፍነውም። ነገር ግን የተኛ ፕሮፎርማ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው ዝርዝሩ መሆን አለበት፤ ዋጋው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። በጥር የተሠራው ወረቀት በችኮላ ከፕላን የወጣ ነው፤ አሁን ቤቱ ቆሟል፣ በዓይን ይታያል። ደንበኛው ከአምስት ወር በኋላ አዲስ ነገር የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ ያለው ወሳኙ ሰው ጋ መድረስ ነው። እዚህ ያለው ወንድም ነገሩን በቃሉ ሲያስተላልፍ የሚቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ የደረጃው መስኮት ምክንያት፣ የልስኑ ልኬት መንገድ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋጅ፤ ከላይ የጥሩ ዋጋ፣ ከሥሩ ያሁኑ፣ መሐል ላይ የተለወጡት ሦስት ነገሮች በአጭር አማርኛ፤ የዕቃው ጭማሪ፣ የካሬው ልዩነት፣ ፊክስድ የሆኑት መስኮቶች። የደረጃው መስኮት ፎቶ አብሮ ይላክ። እዚህ ያለው ወንድም ሳያብራራ «ፎርዋርድ» ሊያደርገው የሚችል መሆን አለበት። ከወንድሙ ጋር በቀጥታ መነጋገር ካስፈለገም ፈቃዱን ጠይቆ ነው፤ በላዩ ላይ መዝለል መካከለኛውን ያስቀይማል፣ ግንባታውን የሚከታተለው ደግሞ እሱ ነው። በግንቦትና በሰኔ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ እሑድ ማታ በእኛ 3 ሰዓት ላይ እዚያ ከቀትር በኋላ ነው፣ ሰው ዕረፍት ላይ ይገኛል።

ወረቀቱ ላይ ዋጋው እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና በቀን ይጻፍ፤ «ለ10 ቀን» ከማለት «እስከ ሰኔ 15» ማለት ይሻላል። ይህም እውነት መሆን አለበት። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ «ነገ ይጨምራል» ብሎ ማስፈራራት አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ደንበኛው ጎረቤቱን ጠይቆ ሲያጣራ ግን ያ ሥራ ቤት ከሠፈሩ ይወጣል። ዋጋውን በእውነት የሚያስረው ቅድሚያ ክፍያው ነው። ግማሹ ሲከፈል ሥራ ቤቱ ፕሮፋይሉንና መስታወቱን በዚያው ቀን ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ዶላሩ የፈለገውን ቢሆን የዚህ ቤት ዋጋ አይነካም። ይህን ለደንበኛው እንዳለ ማስረዳት ነው። በዚህ ዘመን ቤት የሚሠራ ሰው ምክንያቱን ከነገሩት ይገባዋል።

የመጀመሪያው መልእክት መልስ ካላገኘስ? ሳምንት አሥር ቀን ያህል መጠበቅ ነው። ሁለተኛው መልእክት የመጀመሪያውን የሚደግም ከሆነ አለመላክ ይሻላል፤ አንድ የሚጠቅም ነገር ይዞ መምጣት አለበት። በዚያው አካባቢ ተሠርቶ ያለቀ ቤት ፎቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም «የፕሮፎርማዎ ዋጋ ጊዜው አልፏል፣ በዚያ ቁጥር በጀት ይዘው ከሆነ እንዳይሳሳቱ ብለን ነው» የሚል ማሳሰቢያ። ይህኛው በተለይ ለሚመልሰውም ለማይመልሰውም ይጠቅማል። ሦስተኛውና የመጨረሻው የመዝጊያ ነው፤ «ሌላ ሥራ ላይ እንዳሉ ገብቶናል፣ ፋይሉን ዘግተነዋል። ቤቱ መስኮት ላይ ሲደርስ በዚህ ቁጥር ቢደውሉ ልኬቱ በነፃ ነው።» ከዚህ በኋላ አይጻፍም። አራተኛና አምስተኛ የሚጽፉ አሉ፤ የሚያተርፉት ብሎክ መደረግ ነው።

መልሱ መጥቶም ሥራ የሌለበት ጊዜ አለ፤ ይህንንም ማወቅ ያስፈልጋል። «እንነጋገራለን» የሚል መልስ ቀን ካልተጨመረበት መልስ አይደለም። «የሐምሌ መጀመሪያ ላይ ብደውልልዎ ይመችዎታል?» ብሎ አንድ ቀን ማስያዝ፣ ቀኑን እምቢ ካለ ማቆም። ቤቱ የት ደረጃ እንደደረሰ ሳይናገር «ዋጋ ቀንስና እንይ» ብቻ የሚል ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሌላ ሥራ ቤት ወረቀት በእጁ ይዟል፤ የእናንተን ቁጥር ለዚያኛው ማስቀነሻ ሊያደርገው ነው። ለእሱ «ልኬት ሳንወስድ የመጨረሻ ዋጋ አንሰጥም» ማለት በቂ ነው። የምር ከሆነ ያስለካል።

አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ቃል ይመልሳል፤ «ለሌላ ሰጥቼዋለሁ፣ ይቅርታ።» ይህ ጥሩ መልስ ነው፤ እውነቱን የተናገረ ደንበኛ ነው። «ይባርክልዎ፣ ቤቱ የሰላም ይሁን» ከተባለ በኋላ አንዲት ጥያቄ ትፈቀዳለች፤ «ለወደፊቱ እንድናሻሽል ነው፤ ያልተስማማዎት ዋጋው ነበር፣ ጊዜው ነበር ወይስ ዕቃው?» ብዙዎች ይመልሳሉ። መልሱ ከኮፒው ጀርባ ይጻፍ፤ አሥር እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ላይ «ጊዜው» የሚል ቃል ከተደጋገመ ችግሩ ከዋጋው እንዳልሆነ ይታወቃል። ከዚያም ወረቀቱ ከቦክስ ፋይሉ ወጥቶ ሌላ ማኅደር ውስጥ ይግባ፤ መስኮቱ ለሌላ የተሰጠ ቤት የሻወር መስታወትና የደረጃ ሀንድሬል ገና ይቀረዋል። እነሱ የሚሠሩት ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ነውና፣ ሴራሚኩ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቆ ወሩን ከላይ መጻፍ።